«ሲስተም የቆመበትን ቀን ንገረን» ሲባል እንዴት ይመለሳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ሰርቨር እየጠበቅሁ ነው የምኖረው። የቅጥር ወቅት ሲደርስ ከፖሊ ካምፓስም ከደብረ ማርቆስም የተመረቁ ልጆች ለኢንተርቪው ሊለማመዱ ይመጣሉ። ሁሉንም የሚያደናቅፋቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ ፕሮዳክሽን ላይ የነበረ ሲስተም ስለቆመበት ቀን ሲጠየቁ ታሪኩን ያውቁታል፣ አወራረዱ ግን ይጠፋባቸዋል። ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እዚህ አስቀምጫለሁ። ምሳሌው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፤ እኔው ራሴ የነበርኩበት።

ጠያቂው ማወቅ የሚፈልገው ምንድን ነው?

ስልክ እየጮኸ፣ ሰው ወረፋ ይዞ እየጠበቀ፣ በእጃችሁ ያለው መረጃ ጎዶሎ ሆኖ ሳለ እንዴት እንደወሰናችሁ ነው። የዳታቤዝ ዕውቀታችሁን መፈተን ቢፈልግ በቀጥታ ይጠይቃችኋል። ስለዚህ መልሱ ሦስት ነገር ይዞ መምጣት አለበት፤ ሁኔታው ምን ነበር፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ፣ ምን ውጤት መጣ። ቅደም ተከተሉ ሲጠበቅ ሰሚው ሳይደክም ይከተላችኋል።

ለየትኛው ክፍል ስንት ጊዜ ልስጥ?

መልሱ በጠቅላላ ከሁለት እስከ ሁለት ደቂቃ ተኩል ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ውስጥ ለሁኔታው ግማሽ ደቂቃ እንኳ ይበዛበታል። አብዛኛው ጊዜ የእርምጃው ነው፤ ለውጤቱ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ይቀመጥለት። ልምምድ ላይ የማየው ግን የተገላቢጦሹን ነው። አንድ ልጅ ስለ ድርጅቱ አመሠራረትና ስለ ሲስተሙ አሠራር ሁለት ደቂቃ አውርቶ «ከዚያ ችግሩን ፈታነው» ብሎ ይጨርሳል። የሚፈለገው እኮ ያ «ፈታነው» የተባለው ነበር። በስልካችሁ ራሳችሁን ቅዱና አዳምጡ፤ ጊዜው የት እንደሚያልቅ ወዲያው ታገኙታላችሁ።

ሁኔታውን ስናገር ምን ይግባ፣ ምን ይቅር?

ሦስት ነገር ይበቃል፤ ሲስተሙ ለማን ምን ይሠራል፣ ተጠቃሚው ያየው ብልሽት ምን ነበር፣ የእናንተ ድርሻ ምን ነበር። የእኔን ልንገራችሁ።

«ከገበሬ በቆሎ ለሚገዛ ድርጅት የግዢ ሲስተም እንጠብቅ ነበር። ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምንና ደምበጫን ጨምሮ 11 የግዢ ማዕከላት ይጠቀሙበታል፤ ጸሐፊው ኪሎውን ያስገባል፣ ገበሬው ደረሰኝ ይዞ ሄዶ ገንዘቡን ይቀበላል። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት በሁሉም ማዕከላት ሲስተሙ ደረሰኝ ማውጣት አቆመ። የዚያን ቀን ሰርቨሩን የምጠብቅ ተረኛ እኔ ነበርኩ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ሰርቨሩ የት እንደተቀመጠ፣ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ፣ ቡድኑ ስንት ሰው እንደሆነ ካልተጠየቃችሁ አትናገሩ። አንድ ነገር ግን እንዳይቀር፤ ጉዳቱን ከሰው ጋር አያይዙት። «ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል መስኮት ላይ ቆሞ ያልሰማ ሰው የለም። ጆንያውን ከአህያ አውርዶ ሚዛን ላይ ያስቀመጠ ገበሬ ሲስተም የለም ሲባል ምን እንደሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ከተናገራችሁ፣ ጠያቂው የችግሩን ክብደት ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይረዳዋል።

እርምጃውን እንዴት ልናገር? «ሎግ አየሁ፣ አስተካከልኩ» ከማለት ሌላ ምን አለ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። እርምጃ ማለት የትእዛዝ ዝርዝር አይደለም፤ የውሳኔ ሰንሰለት ነው። ለእያንዳንዱ እርምጃ «ይህን አየሁ፣ ስለዚህ ይህን ጠረጠርኩ፣ ስለዚህ ይህን አደረግሁ» የሚል ገመድ ይኑረው። ጠያቂው ያንን ገመድ ይዞ ነው የሚከተላችሁ።

የኔ ታሪክ በተግባር እንዲህ ሄደ። ከጠዋቱ 3:12 ላይ ቡሬ ያለው ጸሐፊ ደወለ። በ3:16 አፕሊኬሽኑን ሪስታርት አደረግሁት፤ ተነሣ፣ ደስ አለኝ። በ3:20 እንደገና ቆመ። ያኔ ነው ቆም ብዬ ሎጉን ያነበብኩት፤ እንዲህ ይላል፦

```
FATAL:  remaining connection slots are reserved for roles with the SUPERUSER attribute
```

ይህ የፖስትግሬስ መልእክት ነው፤ ዳታቤዙ ከዚህ በላይ ኮኔክሽን አልቀበልም ማለቱ ነው። ፖስትግሬስ ካልቀየሩት በስተቀር የሚቀበለው 100 ኮኔክሽን ሲሆን ከነዚህ ውስጥ 3ቱን ለአስተዳዳሪው ያስቀምጣል። እነዚያ ሦስቱ ባይኖሩ እኔም አልገባም ነበር። በአስተዳዳሪ አካውንት ገብቼ ኮኔክሽኖቹ ምን ላይ እንዳሉ ጠየቅሁ፦

```
SELECT state, count(*)
FROM pg_stat_activity
WHERE datname = 'gebeya'
GROUP BY state;
```

83ቱ `idle in transaction` ላይ ነበሩ። ትርጉሙ ሥራ ጀምረው፣ ሳይጨርሱም ሳይለቁም ተቀምጠዋል ማለት ነው። የሰው ብዛት ያመጣው ችግር ቢሆን ኖሮ `active` የሚለው ይበዛ ነበር። ስለዚህ ጥርጣሬዬ ከጭነት ወደ ኮድ ዞረ፤ ኮኔክሽን ከፍቶ የማይዘጋ ነገር አለ። ረቡዕ ዕለት ያወጣነው አዲስ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የዕለት ግዢ ሪፖርት የሚያሳይ ገጽ።

ከዚያ በሁለት መንገድ መካከል መምረጥ ነበረብኝ። እንደገና ሪስታርት ባደርግ በዚያች ሰዓት ግዢ እያስገባ ያለውንም ሰው ጭምር አቋርጠዋለሁ። የተቀመጡትን ብቻ ብቆርጥ ግን ሥራ ላይ ያለውን አልነካም። ሁለተኛውን መረጥኩ፦

```
SELECT pg_terminate_backend(pid)
FROM pg_stat_activity
WHERE datname = 'gebeya'
  AND state = 'idle in transaction'
  AND state_change < now() - interval '30 seconds';
```

በ3:25 ደረሰኝ መውጣት ጀመረ። ችግሩ ግን አልተፈታም፤ ሪስታርቱ ካደረግሁት በኋላ አራት ደቂቃ ብቻ እንደቆየ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ይህም እንደሚሞላ አውቃለሁ። ትእዛዙን በየደቂቃው እየደገምኩ ባልደረባዬ የረቡዕን ለውጥ ወደ ቀደመው እንዲመልስ ነገርኩት። በ3:31 የቀደመው ሥሪት ገባ፤ ቁጥሩ ከዚያ በኋላ አልጨመረም።

ኢንተርቪው ላይ ይህንን ሁሉ አትዘረዝሩም፤ ትእዛዞቹን አትጠሩም። የምትናገሩት እንዲህ ያህል ነው፦

«መጀመሪያ ሪስታርት አደረግሁት፤ አራት ደቂቃ ሠርቶ ቆመ። ያ ችግሩ ራሱን እየሞላ እንደሆነ ነገረኝ። ሎጉ ዳታቤዙ ኮኔክሽን እንደሞላበት ያሳያል። ገብቼ ስቆጥር አብዛኞቹ ሥራ ላይ ሳይሆኑ ተከፍተው የተረሱ ናቸው፤ ስለዚህ የተጠቃሚ ብዛት ሳይሆን ኮድ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሥራ ላይ ያሉትን ላለመንካት የተረሱትን ብቻ ቆረጥኩ፤ አገልግሎቱ ተመለሰ። ያ ግን ማስታገሻ ስለነበር በየደቂቃው እየደገምኩ ባልደረባዬ ረቡዕ የወጣውን ለውጥ እንዲመልስ አደረግሁ። ለማዕከላቱም እስክንጨርስ ደረሰኝ በእጅ እንዲጽፉ በስልክ ነገርኳቸው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው ይረሳታል። ለሚጠብቀው ሰው ምን ነገራችሁት? እርምጃ ውስጥ ይቆጠራል።

ማስታገሻና መፍትሔን ለምን ትለያለህ?

ጠያቂው ስለሚለየው ነው። የተረሱትን መቁረጥ ደም ማቆም ነው፤ ለውጡን መመለስ የቁስሉን ምክንያት ማንሣት ነው፤ ኮዱን ማረም ደግሞ ከዚያም በኋላ የሚመጣ ሌላ ሥራ ነው። ሦስቱን አንድ አድርጎ «አስተካከልኩት» የሚል ሰው አገልግሎቱን ከመመለስ በፊት ምክንያት ሲፈልግ ግማሽ ቀን የሚያሳልፍ ሰው ሊመስል ይችላል።

መጀመሪያ ያደረግሁት ስህተት ከነበረ ልናገረው?

ተናገሩት፤ ነገር ግን ያስተማራችሁን ይዛችሁ። ሪስታርቱ የቸኮለ ውሳኔ ነበር፤ ሎግ ሳላይ ነው ያደረግሁት። ብደብቀው ኖሮ ግን የታሪኩ ምርጥ ማስረጃ ይጠፋ ነበር፤ ኮኔክሽኑ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ የለካልኝ እሱ ነው። በኋላ ስናሰላውም ገጠመ። ሪፖርቱ በየ10 ሰከንዱ ራሱን ያድሳል፤ አራት ማዕከላት ገና ግዢ ስላልጀመሩ ሪፖርታቸው ባዶ ነበር፤ ኮዱ ባዶ ሪፖርት ሲያገኝ ስህተት ሰጥቶ ኮኔክሽኑን ሳይዘጋ ይወጣል። አራት ማዕከል በደቂቃ ስድስት ጊዜ፣ 24 ኮኔክሽን ይፈሳል። 83 ለመድረስ ሦስት ደቂቃ ተኩል ይበቃዋል። ረቡዕ ወጥቶ እስከ ገበያው ቀን ያልታየውም ለዚህ ነው፤ በሌላ ቀን ያንን ገጽ ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።

«እኔ አደረግሁ» ማለት ይከብደኛል። «አደረግን» ብል ምን ችግር አለው?

ይህን የሚጠይቀኝ በተለይ የእኛ አገር ልጅ ነው። ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው «እኔ፣ እኔ» ማለት እንደ ጉራ ሲቆጠር እየሰማ ነው ያደገው፤ ነውሩ አፉ ላይ ይይዘዋል። ስለዚህ ወይ «አደረግን» ይላል፣ ወይም ከዚያ ብሶ «ተደረገ፣ ተስተካከለ» እያለ ሠሪውን ያጠፋዋል። ጠያቂው ግን እናንተን እንጂ ቡድናችሁን አይቀጥርም። «ተስተካከለ» የሚለውን ሲሰማ ያስተካከለው ሌላ ሰው ነው ብሎ ይወስዳል።

መውጫው ቀላል ነው፤ ሥራውን ለባለቤቱ ስጡ። «ኮኔክሽኖቹን ቆጥሬ ምክንያቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ለውጡን የመለሰው ባልደረባዬ ነው፤ ለማዕከላቱ የደወልኩት እኔ ነኝ።» ይህ ጉራ የለውም። የሌላውን ድርሻ በስሙ ስትጠሩለት የራሳችሁን መናገርም ይቀላችኋል። «እኛ» የሚለውን አብራችሁ ለወሰናችሁት ነገር አስቀሩት።

ስህተቱ የባልደረባዬ ቢሆንስ?

ስም አትጥሩ፣ አታሙም። ያንን የሪፖርት ኮድ የጻፈው ሌላ ልጅ ነው፤ አይቼ ያጸደቅሁት ግን እኔ ነኝ። ኢንተርቪው ላይ የምለው «ስህተት ሲመጣ ኮኔክሽኑን የማይዘጋ ኮድ አልፎን ገባ፤ ሳጸድቀው የተሳካውን መንገድ ብቻ ነበር ያየሁት» ነው። ጥፋቱ ወደ አሠራሩ ይሄዳል፤ እኔም ድርሻዬን ወስጃለሁ።

ውጤቱ ላይ «ሲስተሙ ተመለሰ» ካልኩ አይበቃም?

አይበቃም። ውጤት ሁለት እግር አለው፤ የዚያን ቀን ምን ሆነ፣ ከዚያ በኋላስ ዳግመኛ እንዳይመጣ ምን ተረጋገጠ። ሁለተኛው ከሌለ ታሪኩ ቀኑን በማለፍ ብቻ ይቀራል።

ለመጀመሪያው እግር ትክክለኛ ቁጥር ከሎግ አውጡ። የእኔ ሎግ የመጀመሪያውን ስህተት በ3:04 ያሳያል። ከ3:04 እስከ 3:16፣ ከዚያ ከ3:20 እስከ 3:25፣ ጠቅላላ 17 ደቂቃ አገልግሎት አልነበረም። ሌላም ነገር ይታያል፤ እኛ የሰማነው በ3:12 ነው፣ በስልክ። ስምንት ደቂቃ ሙሉ ተጠቃሚው ሲያውቅ እኛ አናውቅም ነበር። ይህን ራሳችሁ ስትናገሩት ጠያቂው ከመያዙ በፊት ትቀድሙታላችሁ። በእጅ የተጻፉት ደረሰኞች 38 ነበሩ፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ሁሉም ሲስተም ውስጥ ገብተው ከገበሬው ቅጂ ጋር ተነጻጸሩ፤ አንዱ ላይ ኪሎው ተሳስቶ ተገኘና ታረመ።

ለሁለተኛው እግር «ሞኒተሪንግ አሻሻልን» የሚል ባዶ ቃል አይሠራም። የትኛውን፣ በስንት፣ እንዴትስ ፈተናችሁት? እኛ ኮዱ ስህተት ቢመጣም ኮኔክሽኑን እንዲዘጋ አረምነው። ከዚያ ለመያዣ ዳታቤዙ ላይ `idle_in_transaction_session_timeout` የሚለውን 60 ሰከንድ አደረግነው። ካልነኩት ዜሮ ነው፤ ዜሮ ማለት ለዘላለም ይጠብቃል ማለት ነው። ሒሳቡን ብታዩት በደቂቃ 24 ቢፈስ እንኳ ተረስተው የሚቀመጡት ከ24 ብዙም አይዘሉም፤ ሲስተሙ አይቆምም። በተጨማሪ ኮኔክሽን 70 ሲደርስ ለተረኛው የጽሑፍ መልእክት የሚልክ ማንቂያ አስገባን፤ በሙከራ ሰርቨር ላይ ሆን ብለን 75 ኮኔክሽን ከፍተን መልእክቱ መድረሱን አየን። በቀጣዮቹ አራት የገበያ ቀናት ከፍተኛው 31 ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ መልሱ ውስጥ የሚገቡት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ 17 ደቂቃ፣ 38 ደረሰኝ፣ ከፍተኛው 31። የቀሩት ለተከታይ ጥያቄ ይቀመጡ።

ምን ዓይነት ተከታይ ጥያቄ ይመጣል?

ታሪኩ የእናንተ መሆኑ የሚለየው እዚህ ነው። በኔ ታሪክ ላይ በጣም የተለመደው «ለምን ዝም ብለህ የኮኔክሽኑን ቁጥር አልጨመርክም?» የሚለው ነው። ሁለት መልስ አለው። `max_connections` ሲቀየር ዳታቤዙ ራሱ ሪስታርት ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ ቀዳዳው ሳይደፈን 100 ብንጨምር የምናገኘው አራት ደቂቃ ነው። ሌላው «ዛሬ ቢሆን ምን በተለየ ታደርጋለህ?» ነው። እኔ «ከሪስታርቱ በፊት አንድ ደቂቃ ሎግ አነባለሁ፤ አዲስ ገጽ በገበያ ቀን ዋዜማ ሳይሆን ሰው ባለበት ቀን ሞክሬ አወጣለሁ» እላለሁ። «ምንም አልቀይርም» የሚል መልስ አትስጡ።

የማታውቁት ነገር ከተጠየቃችሁ «ያንን አላየሁም» በሉ። ታሪክ ተበድሮ የመጣ ሰው በሦስተኛው «ለምን» ላይ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ገና ተመራቂ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ታሪክ የለኝም። ምን ላድርግ?

ፕሮዳክሽን ማለት ትልቅ ድርጅት ማለት አይደለም። ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ነገር ካላችሁና እሱ ከቆመ ታሪክ አላችሁ። አንድ ልጅ ለክፍሉ ተማሪዎች የሠራው የውጤት ማሳያ ገጽ የሰርቨሩ ዲስክ በሎግ ሞልቶ ቆሞበት ነበር። መጀመሪያ «ትንሽ ነገር ናት» ብሎ ሊተዋት ፈለገ። ስንዘረዝራት ግን ሁኔታ አላት፤ 60 ተማሪ የሚጠብቃት። እርምጃም አላት፤ በ`df -h` ዲስኩ 100% መሆኑን አይቶ የትኛው ፋይል እንደሆነ ፈልጎ አገኘ። ውጤቱ ብቻ ጎድሎ ነበር፤ የድሮ ሎግ በየሳምንቱ እንዲጠፋ ማድረጉን ረስቶት ነበር የማይናገረው። ያንን ጨመርንበት፤ ሙሉ መልስ ሆነ።

የደንበኛውን ስም ልጥራ?

አያስፈልግም። «ከገበሬ እህል የሚገዛ ድርጅት» ይበቃል። የሰው ስም፣ የደረሰኝ ፎቶ፣ የሰርቨር አድራሻ አታሳዩ። የቀድሞ ደንበኛውን ምስጢር የሚዘረግፍ ሰው ነገ የእነሱንም እንደሚያወጣ ያስባሉ።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ልናገር ወይስ በፈረንጅ?

ጠያቂው ማን እንደሆነ እዩ። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ላለ ሰው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» በሉ። ውጭ ላለ ድርጅት ከሆነ ግን 3:04 ያላችሁት በእነሱ ጆሮ ከሌሊቱ ነው፤ «ሌሊት ማን ደረሰኝ ይጠብቃል?» ብለው ይደናገራሉ። ለእነሱ ያው ሰዓት 9:04 ነው። ሎጉ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዩቲሲ ስለሚጻፍ 06:04 ይላል። ስትዘጋጁ ሦስቱን ጎን ለጎን ወረቀት ላይ ጻፏቸው፤ አንዱን መርጣችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእሱ ሂዱ። እኔ አንድ ጊዜ ሁለቱን ቀላቅዬ 17 ደቂቃ የቆመውን ሲስተም ስድስት ሰዓት ያስቆምኩት አስመስዬ ተናግሬያለሁ፤ ጠያቂዋ ደግማ ባትጠይቀኝ ኖሮ እንደዚያው ይመዘገብ ነበር።